ጠብ ሲል ከመድፈን በፊት

አክስቴ ቤት ሦስት ቧንቧዎች አሉ። ባለፈው ክረምት ሦስቱም ያንጠባጥቡ ነበር። ከግቢው ቧንቧ ሥር ባልዲ ተደቅኗል፤ የወጥ ቤቱ ላቫንዲኖ ውስጥ ድስት ተቀምጧል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ቀን ቀን ዝም ብሎ ይውልና ሌሊት ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ ይነሳል። የአክስቴ መድኃኒት ለሦስቱም አንድ ነበር፤ አጥብቆ መዝጋት። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ ያንተ እጅ ይበረታል፤ እስቲ ያን ቧንቧ አንዴ ጠበቅ አድርግልኝ» ትለኛለች። ጠበቅ አደርጋለሁ። ለአንድ ቀን ያቆማል፤ በማግስቱ ይብስበታል።

በመጨረሻ ልጠግን ተነሳሁና ከሰፈር ሱቅ ሦስት የቧንቧ ጎማ ገዛሁ። አንዱ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ቧንቧዎች እንዲህ ያለ ጎማ የሚገባበት አንዱ ብቻ ነበር። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም የሚያብረቀርቁ ብረቶች ናቸው። ውስጣቸው ግን ውሃ የሚያቆሙበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የሚያረጀው ክፍልም እንደዚያው።

ዓይነቱን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። ቧንቧውን ከዝግ ጀምረው እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። እጀታው ሁለት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚዞር ከሆነ፣ ሲዘጉትም መጨረሻው ላይ እንደ ለስላሳ ነገር እየተጨመቀ የሚቆም ከሆነ፣ ውስጡ ጎማ አለ። ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ ድርቅ ብሎ የሚቆመው የሴራሚክ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛውን በአንድ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዙበት ሚክሰር ደግሞ ካርትሪጅ የሚባል አንድ ወጥ ክፍል ይዟል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ግቢ ውስጥ የሚተከሉ፣ ጠፍጣፋ እጀታቸው ሩብ ዙር የሚሄድ ቧንቧዎች ሴራሚክ ሳይሆኑ መሐሏ የተበሳች የብረት ኳስ ያለባቸው ናቸው። እነሱ ካንጠባጠቡ መፍታቱ ድካም ነው፤ ሙሉውን መለወጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚታየው ውሃው ከየት እንደሚወጣ ነው። ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ውሃውን በሚዘጋው ክፍል ላይ ነው። ከእጀታው ሥር፣ ያውም ቧንቧው ሲከፈት ብቻ የሚያልብ ከሆነ ግን መዝጊያው ደህና ነው፤ ያረጀው ዘንጉን የከበበችው ኦሪንግ ወይም ማሸጊያው ነው። አንገቱ እንደ ዝይ በረዘመ ቧንቧ ላይ ደግሞ ከተዘጋ በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጠብ ጠብ ቢል አንገቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ነውና አይደንግጡ። አፉን በጨርቅ አድርቀው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ያኔም ካላቆመ ችግር አለ። ሙቅና ቀዝቃዛው የተለያየ እጀታ ካለው፣ ከላቫንዲኖው ሥር ካሉት ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎች አንዱን ይዝጉ፤ ጠብታው ከቆመ በሽተኛው ያ ወገን ነው። ብዙ ጊዜ ሙቁ ወገን ሆኖ ይገኛል፤ ጎማ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል።

የግቢውን ቧንቧ ከመንካቴ በፊት ከሥሩ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። በግማሽ ሰዓት ሞላ። ይህ በሰዓት አንድ ሊትር፣ በቀን 24 ሊትር ማለት ነው። በወር ሲሰላ 720 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 36 ጀሪካን። አክስቴ ሒሳቡን ስነግራት፣ «እኔ እኮ በባልዲ አጠራቅሜ አበባ አጠጣበታለሁ» አለች። 36 ጀሪካን የሚጠጣ አበባ ግን ግቢዋ ውስጥ የለም።

የግቢው ቧንቧ የድሮው ዓይነት ነው። አሠራሩ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አልተለወጠም፤ እንግሊዝ አገር ሮዘራም ከተማ የነበረው የጌስት እና ክራይምስ የናስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብት ካወጣበት ወዲህ እየተሻሻለ የመጣው ያው ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲዞር እየወረደ ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ ውሃው በሚወጣበት ቀዳዳ ከንፈር ላይ ይጭናታል። ያ ከንፈር መቀመጫ ይባላል። ውሃውን የሚያቆመው የእጃችን ጉልበት ሳይሆን የጎማዋ ልስላሴ ነው፤ ጎማዋ ከመቀመጫው ጋር ተስማምታ ክፍተቱን ትሞላለች። ዕድሜዋ ሲገፋ ትደርቃለች፣ መሐሏ ክብ ምልክት ይወጣባታል። ያኔ አጥብቀን እንዘጋለን፤ አጥብቀን ስንዘጋ ምልክቱ ይጠልቃል፤ ስለዚህ ነገ የባሰ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የአክስቴ መድኃኒት በሽታው ራሱ ነበር።

መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘጋሁና የቀረው ውሃ እንዲወርድ ቧንቧውን ከፈትኩ። የእጀታውን ብሎን በካቻቢቴ ፈታሁ። ከዚያ ባለ ስድስት ጎኑን የቧንቧ ራስ በእንግሊዝ ቁልፍ ይዤ ወደ ግራ አዞርኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ እጁ ብቻ መታገሉ ነው። የቧንቧውን አካል በሌላ መፍቻ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ካልያዙት ኃይሉ ግድግዳው ውስጥ ወዳለው መጋጠሚያ ይሄዳል፤ ጠብታ ሊያቆሙ ተነስተው ግድግዳ ያስፈርሳሉ። ራሱ ሲወጣ ጎማዋ ከነመያዣዋ ትታያለች። የእኛዋ እንደ ድንጋይ ደርቃ፣ ጠርዟ ላይ ተቦርቡራ ነበር። በትንሽ ዳዶ የተያዘች ስለነበረች ዳዶዋን ፈትቼ አወጣኋት።

አዲሷ ጎማ በውፍረትም በስፋትም የአሮጌዋን ያህል መሆን አለባት። ከሰፋች ቦታዋ ውስጥ ገብታ አትተኛም፤ ከጠበበች መቀመጫውን አትሸፍንም። ሱቅ ሩቅ ከሆነና ሌሊቱን ማለፍ ብቻ ከፈለጉ አሮጌዋን ገልብጠው ያልተበላው ፊቷ ወደ ታች እንዲሆን ያድርጉ፤ ለጥቂት ቀን ታገለግላለች። ራሱን መልሰው ሲያስሩ ደግሞ ዘንጉ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ማለትም ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ዝግ ሆኖ ከታሰረ ገና ጥርሱ ሳይገባ ጎማዋ መቀመጫው ላይ ትጨፈለቃለች፤ በአዲስነቷ ትበላሻለች።

ይህን ሁሉ በትክክል አደረግሁ። ውሃውን ለቀቅኩ። ቧንቧው ያንጠባጥብ ጀመር።

ሠፈር ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲሠራ የኖረ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ስነግረው ሳቀብኝ። «ጎማውን አየህ፤ መቀመጫውን አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም። እንደገና ፈታን። ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ አብርቶ ትንሿን ጣቱን አስገባና ከንፈሩን ዞር አድርጎ ዳሰሰ፤ ከዚያ የእኔን ጣት እንዳስገባ ነገረኝ። ከንፈሩ ለስላሳ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለ። ለወራት በጠባብ ክፍተት እየተወረወረ የወጣ ውሃ ናሱን እንደ ቢላ ቆርጦታል። የቱንም ያህል አዲስ ጎማ ቢገባ ውሃ በዚያ ቦይ ያልፋል።

መቀመጫ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ። ጥርሱ ቧንቧው ራስ ላይ ይታሰርና ጫፉ ላይ ያለው መላጊያ በእጅ ይዞራል። ጋሼ ሁለት ዙር አዞረ፤ አውጥቶ በጣቱ ዳሰሰ፤ አንድ ዙር ጨመረ። «ከዚህ በላይ ስግብግብነት ነው» አለ። ብዙ ከተላገ ከንፈሩ ሳስቶ ያልቃል፤ ያኔ ቧንቧው ለመጣያ ነው። ዋናው ነገር ከንፈሩ ዙሪያውን እኩል የሚያበራ ቀለበት መስሎ እስኪታይ ብቻ መላግ ነው። ብርጭቆ ወረቀት በጣት አስገብቶ መፈተግ እንደማይረዳ የነገረኝም እሱ ነው፤ አንዱን ጎን ዝቅ ያደርግና ክፍተቱን ያሰፋዋል። የተላገውን የናስ ብናኝ ዋናውን መዝጊያ ለቅጽበት ከፍቶ በውሃ አጠበውና አዲሷን ጎማ አስገባን። ቧንቧው በሁለት ጣት ተዘጋ። ጠርሙሱን ሥሩ አስቀምጠን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ባዶውን ነበር።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሁለት እጀታ አለው፤ ሁለቱም ሩብ ዙር ናቸው። ውስጡ ከአልሙኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ የሴራሚክ ሳህኖች ተደራርበው ይቀመጣሉ። አንዱ አይንቀሳቀስም፤ ሌላው ከእጀታው ጋር ይዞራል። ሁለቱም ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳዎቹ ሲገጣጠሙ ውሃ ያልፋል፣ ሲለያዩ ይቆማል። እዚህ የሚጨመቅ ነገር የለም። ውሃውን የሚያግደው የሳህኖቹ ፊት እጅግ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፤ እርጥብ ሲሆኑ እርስ በርስ ተጣብቀው በጣት ለማላቀቅ እስኪያስቸግሩ ድረስ። ስለዚህ አጥብቆ መዝጋት ምንም አይጨምርም። የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ማቆሚያውን መስበር ነው።

ሴራሚክ በማለቅ ብዙ አይታማም። ጥንካሬው ከአሸዋ ይበልጣል። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ በሳህኖቹ መካከል አንዲት ቅንጣት ከገባችም ከፍ አድርጋ ትይዛቸዋለች። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህ ለእኛ የየሳምንቱ ጉዳይ ነው። መስመሩ ባዶ ሰንብቶ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ አየር ያስነጥሳል፤ ቀጥሎ ደለልና የዝገት ቅንጣት ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ በመጀመሪያ የሚከፈተው የወጥ ቤቱ ከሆነ ቅንጣቱ ሁሉ በሴራሚኩ ያልፋል። እኔ አሁን አክስቴን ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የግቢውን ክፈቺ፣ ጠርቶ እስኪወርድ ጠብቂ ብያታለሁ። የግቢው ጎማ ደለል ይችላል።

አሮጌውን ራስ ስፈታ ሳህኖቹ ጤነኛ ነበሩ። ከሥር ያለችው የጎማ ማሸጊያ ግን ተጨፍልቃ ጠፍጣፋ ሆናለች፤ ፊቱም ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ቅርፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃ ነበር። ማሸጊያዋን ለብቻዋ የሚሸጥ ግን ስላላገኘሁ ሙሉውን ራስ ለወጥኩ። ሱቅ የሚኬደው አሮጌውን በኪስ ይዞ ነው። «ባለ ግማሽ ኢንች» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፦ ርዝመቱ ይለያያል፤ እጀታው የሚሰካበት ጥርስም አንዳንዱ ላይ 20፣ አንዳንዱ ላይ 24 ነው። አራት ጥርስ በዓይን አይታይም፤ ቤት ሲደርሱ ግን እጀታው አልገባም ይላል። የሙቁና የቀዝቃዛው ወገን ራስም ብዙ ጊዜ የሚዞሩበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። እኔ የቀዝቃዛውን ለሙቁ ገዝቼ ስገጥመው ቧንቧው አላንጠባጠበም፤ ግን ወደ መዝጊያው ሲዞር የሚከፈት ሆነ። ሱቁ ደግነቱ ለወጠልኝ።

የጎማ ክፍሎችን ማለስለስ ካስፈለገ የሲሊከን ግሪስ ይጠቀሙ። ቫዝሊን እጅ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀባዋል፤ ከነዳጅ የሚወጣ በመሆኑ ግን ብዙ ዓይነት ጎማ ያሳብጣል፣ ያበላሻልም።

የቀረው የሌሊቱ ጠብታ ነው። ሌሊት ብቻ ማንጠባጠቡ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ነገሩ ግፊት ነው። ቀን አክስቴ የምትጠቀመው ከጣሪያ በላይ ካለው ታንከር ነው። የውሃ ከፍታ አሥር ሜትር ሲሆን ግፊቱ አንድ ባር ያህል ነው፤ ታንከሩ ከቧንቧው በላይ ያለው ሦስት ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚገፋው በ0.3 ባር ገደማ ነው። የደከመ መዝጊያ ይህን ይችላል። ሌሊት የመስመር ውሃ ሲመጣ ግን ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይሆንና ድክመቱ ይገለጣል። ቀን ፈትሾ «ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ቢመጣ አልዋሸም፤ የፈተሸበት ሰዓት ነው የተሳሳተው።

ይህ ቧንቧ አንድ ዘንግ ያለው ሚክሰር ነው። የዚህ ቧንቧ አባት ከሚባሉት አንዱ አሜሪካዊው አልፍሬድ ሞይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ተማሪ ሳለ ሁለት እጀታ ያለው ቧንቧ ሙቅ ውሃ ለቆበት እጁን ሊያቃጥለው ሲል ሐሳቡ መጣለት፤ ለገበያ ያቀረበው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ገበያችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ ካርትሪጆች የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ የታሸጉ የሴራሚክ ሳህኖች ናቸው። ስለዚህ ሴራሚክና ካርትሪጅ ባላንጣዎች አይደሉም፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በአንድ ቀፎ መያዙና ከውስጡ ተፈትቶ የሚጠገን ነገር አለመኖሩ ነው። ሲያረጅ እንዳለ ወጥቶ እንዳለ ይለወጣል።

አፈታቱ የሚያስቸግረው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። እጀታው ላይ ብሎን አይታይም። ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለባትን ቁልፍ በቢላ ጫፍ ቀስ ብለው ሲነቅሏት ከኋላዋ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በባለ ስድስት ጎን ቀጭን አለን ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ውስጧ ይገኛል። እጀታው፣ ቀጥሎ ቆብ መሰሉ ሽፋን፣ ቀጥሎ ካርትሪጁን የያዘው ቀለበት ዳዶ ይወጣል። ዳዶው ሲለቅ ካርትሪጁ ወደ ላይ ይሳባል። ከሥሩ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ለሙቅ፣ ለቀዝቃዛና ለመውጫ። በየቀዳዳው ጎማ፣ ከጎናቸው ደግሞ ትክክለኛ ቦታው ላይ የሚያስቀምጡት ሁለት እግሮች አሉ። የተለመደው ስፋት 35 ወይም 40 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ማስመሪያ ይዞ መለካት ወይም አሮጌውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የቀዳዳዎቹ አቀማመጥና የእግሮቹ ቁመት ካልተመሳሰለ ስፋቱ ቢገጥምም አይረባም።

አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የሚቀመጥበትን ወለል በጨርቅ ይጥረጉ፤ አንዲት የቅርፊት ፍንጣሪ ከጎማው ሥር ብትቀር በአዲስ ካርትሪጅ ያው ጠብታ ይቀጥላል። ሁለቱ እግሮች ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲገቡ ካርትሪጁ አይወዛወዝም። ቀለበቱን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ያጥብቁ። በጣም ከላላ ከእጀታው ሥር ያልባል፤ በጣም ከጠበቀ ዘንጉ ለማንሳት ይከብዳል። ውሃውን ለቀው ዘንጉን ሳይገጥሙ በፒንሳ ቀስ አድርገው ቢያነሱና ቢያወርዱ ጠብታው መቆሙን እጀታውን ከማሰርዎ በፊት ያውቃሉ።

ለመታጠቢያ ቤቱ የመጨረሻውን ፈተና ያደረግነው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ የመስመሩ ውሃ ሲመጣ ነው። አክስቴ ጋቢዋን ደርባ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ድምፅ የለም። ጥቂት ቆየችና ለማንኛውም ብላ ገብታ ዘንጉን በሁለት እጇ ወደ ታች ተጫነችው።